«ዕቃው አልደረሰኝም» ለሚል የካርድ ክርክር መልስ ሲጻፍ

በአሜሪካ የሐበሻ ልብስ፣ በርበሬና ቡና በኢንተርኔት የሚሸጡ ብዙ ወገኖቻችን አንድ ዓይነት ኢሜይል ያስደነግጣቸዋል። የሚልከው ፕሮሰሰሩ ነው፤ በሱቁና በባንኮቹ መካከል ሆኖ የካርድ ክፍያ የሚያስተላልፈው ድርጅት ማለት ነው። ኢሜይሉ አንድ ደንበኛ ባንኩ ሄዶ ክፍያውን እንደተቃወመ ይናገራል። ገንዘቡ ከሻጩ ሒሳብ ወዲያው ተነሥቷል፤ በላዩ ላይም ብዙ ጊዜ 15 ዶላር ወይም ከዚያ የሚበልጥ የአገልግሎት ክፍያ ይቆረጣል። ይህ ነው ቻርጅባክ የሚባለው። ሻጩ መልስ መስጠት ከፈለገ የመጨረሻው ቀን ተጽፎለታል፤ ጊዜው ብዙ ጊዜ ከአንድ እስከ ሦስት ሳምንት ነው። መልሱን የመላክ ዕድሉም በአብዛኛው አንድ ብቻ ነው፤ ከተላከ በኋላ «ይህን ረስቼው ነበር» ማለት አይቻልም።

መልሱን የሚያነበው ማን እንደሆነ ካላወቁ ጥሩ መልስ መጻፍ ይከብዳል። ፕሮሰሰሩ አይፈርድም፤ ወረቀቱን ተቀብሎ ያስተላልፋል። የሚወስነው ካርዱን ለደንበኛው የሰጠው ባንክ ነው። እዚያ ያለው ሠራተኛ ሻጩንም ሱቁንም አያውቅም፤ ከፊቱ ብዙ ፋይል ተደርድሮበታል። ሊንክ ቢላክለት አይከፍትም፣ የድምፅ ቅጂም አያዳምጥም። የሚያየው ገጹ ላይ ያለውን ብቻ ነው። ወረቀቱ አንዳንድ ጊዜ በጥቁርና ነጭ ስለሚደርሰው በቢጫ ቀለም የተሰመረበት ዐረፍተ ነገር ከሌላው አይለይለትም።

ለማሳያ የሚሆን ታሪክ ላብጅ። ሜሪላንድ የምትኖር አንዲት ሻጭ ዳላስ ለምትኖር ደንበኛ በ340 ዶላር ቀሚስ ሸጠች። ከአንድ ወር ገደማ በኋላ ክርክር መጣባት፤ ካርዱ ቪዛ ነው፣ የምክንያት ኮዱ 13.1። ሻጯ በዚያው ምሽት የሚከተለውን ጻፈች። ትክክለኛው ደብዳቤ የሚላከው በእንግሊዝኛ ነው፤ ሐሳቡ ግን ይህ ነው።

«ክቡራን ሆይ፣ ይህች ሴት ውሸታም ናት። እኔ ሁለት ልጆቼን የማሳድገው በዚህች ሱቅ ነው። ቀሚሱ እንደደረሳት እርግጠኛ ነኝ፤ ለሠርግ ለብሳው ገንዘቧን መልሳ ልትወስድ ነው። ዕቃ የመመለሻ ደንባችን ድረ ገጻችን ላይ በግልጽ ተጽፏል። አሥራ አንድ ማስረጃ አያይዣለሁ። እባካችሁ ፍትሕ ስጡኝ።»

ንዴቷ ይገባኛል። እኛ አቤቱታ ስንጽፍ ከደረሰብን በደል መጀመር ልማዳችን ነው፤ ሰሚው አዝኖልን ከዚያ ወደ ነገሩ እንዲገባ እንፈልጋለን። የባንኩ ሠራተኛ ግን ማዘን አልተጠየቀም። ከፊቱ ያለው ጥያቄ አንድ ብቻ ነው፤ የምክንያት ኮዱም የሚናገረው እሱን ነው። በቪዛ አሠራር 13.1 ማለት «ዕቃው ወይም አገልግሎቱ አልደረሰኝም» ነው። «ካርዴን ሌላ ሰው ተጠቀመበት» ቢባል ኖሮ 10.4፣ «የመጣው ዕቃ የተባለው ዓይነት አይደለም» ቢባል ደግሞ 13.3 ይሆን ነበር። ለእያንዳንዱ የሚቀርበው ማስረጃ ይለያያል። ስለዚህ ደብዳቤውን ለማስተካከል ሲቀመጡ መጀመሪያ የሚነበበው ኮዱ ነው፤ ከዚያ በአሥራ አንዱም ማስረጃ ላይ «ይህ ዕቃው መድረሱን ያሳያል ወይ?» ብሎ መጠየቅ ይከተላል።

በዚህ ጥያቄ ሲጣሩ አብዛኞቹ ይወድቃሉ። የሱቁ የንግድ ፈቃድ ስለ መድረስ የሚለው ነገር የለም። የሌሎች ደንበኞች የምስጋና መልእክትም እንዲሁ። ዕቃ የመመለሻ ደንቡ ከዚህም የባሰ ነው፤ ማንም ስለ መመለስ ሳይጠይቅ ደንቡን ማቅረብ «ታዲያ ደንበኛዋ ልትመልስ ሞክራ ነበር እንዴ?» የሚል አዲስ ጥያቄ ይጭራል። ከማኅበራዊ ሚዲያ የተወሰደው የሠርግ ፎቶ ጥቂት ማሰብ ይፈልጋል። ደንበኛው ዕቃውን ይዞ የሚታይበት ፎቶ በእርግጥ ማስረጃ ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ሰውየው የካርዱ ባለቤት መሆኑ፣ የለበሰውም የተሸጠው ዕቃ ራሱ መሆኑ መታወቅ አለበት። እዚህ ያለው ፎቶ ተመሳሳይ ቀሚስ የለበሱ ብዙ ሴቶች አብረው የተነሡት ነው። ባንኩ ማንን ከማን ይለያል? ይውጣ።

የቀሩት አራት ናቸው፤ ከአራቱ አንዱ ሻጯ ራሷ ያላስተዋለችው ነው። ዘጠነኛ ሆኖ ከተያያዙት ስክሪንሾቶች መካከል ደንበኛዋ የጻፈችው አጭር ኢሜይል አለ፤ «ወገቡ ትንሽ ሰፋብኝ፣ አነስ ያለ ልክ ይኖራችኋል?» ይላል። የተጻፈው ዕቃው ደረሰ ከተባለ ከሦስት ቀን በኋላ ነው። ያልደረሰ ቀሚስ ወገብ ላይ አይሰፋም። በፋይሉ ውስጥ ካለው ሁሉ ጠንካራው ይህ ሆኖ ሳለ ከንግድ ፈቃዱና ከምስጋና መልእክቶቹ ኋላ ተቀብሮ ነበር።

ቅደም ተከተሉ ላይ ነው ዋናው ሥራ። ማስረጃ በቀን መደርደሩ ጥሩ ነው፤ ግን አይበቃም። እያንዳንዱ ማስረጃ ከቀደመው ጋር በአንድ የሚታይ ነገር መያያዝ አለበት። የፖስታ ቤቱ የመከታተያ ገጽ ብዙ ጊዜ የሚያሳየው ከተማውንና ዚፕ ኮዱን እንጂ የቤት ቁጥሩን አይደለም። ያን ገጽ ብቻውን የሚያይ ሠራተኛ «ዳላስ ውስጥ የሆነ ቦታ አንድ ጥቅል ደርሷል» ከማለት አያልፍም። ከፊቱ የመላኪያ ሌብሉ ቅጂ ቢቀመጥ ግን ነገሩ ይቀየራል። ሌብሉ ላይ ሙሉ አድራሻውም ትራኪንግ ቁጥሩም አለ፤ አድራሻው ከትዕዛዙ ጋር፣ ቁጥሩ ከመከታተያው ገጽ ጋር ያገናኘዋል። ኢሜይሉም እንደዚሁ ነው። የመልእክቱን ጽሑፍ ብቻ ቆርጦ ማያያዝ ከማን እንደመጣ አያሳይም። ላኪው፣ ቀኑና ርዕሱ የሚታዩበት ሙሉ ገጽ ሲሆን ግን የላኪው አድራሻ ትዕዛዙ ላይ ከተሞላው ኢሜይል ጋር አንድ መሆኑን ሠራተኛው በዓይኑ ያያል።

የተስተካከለው ደብዳቤ እንዲህ ሆነ።

«ክርክሩ የቀረበው ዕቃው አልደረሰም በሚል ነው። ዕቃው ማርች 11 ቀን በትዕዛዙ ላይ በተሰጠው አድራሻ ደርሷል። ማርች 14 ቀን ከገዢዋ ኢሜይል አድራሻ ስለ ቀሚሱ ልክ ጥያቄ ደርሶናል።

ማርች 3፦ አንድ ቀሚስ በ340 ዶላር ታዘዘ፤ የመላኪያ አድራሻውና የገዢዋ ኢሜይል ተመዝግቧል። ማስረጃ 1።
ማርች 5፦ ጥቅሉ በዚያው አድራሻ ለፖስታ ቤት ተሰጠ። ማስረጃ 2።
ማርች 11፦ የፖስታ ቤቱ መዝገብ ጥቅሉ ለሕንፃው መቀበያ ክፍል መሰጠቱን ያሳያል። ማስረጃ 3።
ማርች 14፦ በትዕዛዙ ላይ ካለው ኢሜይል፣ ቀሚሱ ወገቡ ላይ እንደሰፋ የሚገልጽና አነስ ያለ ልክ የሚጠይቅ መልእክት ደረሰን። ማስረጃ 4።

ለዚህ ትዕዛዝ ገንዘብ አልተመለሰም፤ ቀሚሱም ወደ እኛ አልተመለሰም። የትዕዛዙ ሰዓት የሜሪላንድ፣ የመድረሻው ሰዓት የዳላስ ነው።»

ሦስተኛውን መስመር ልብ ይበሉ። የፖስታ ቤቱ ገጽ ላይ የተጻፈው `Delivered, Front Desk/Reception/Mail Room` ነው። ሻጯ መጀመሪያ «በእጇ ተቀብላለች» ብላ ነበር፤ መዝገቡ ግን እንዲህ አይልም። ደብዳቤው ከማስረጃው አንድ እርምጃ ከቀደመ፣ ያን ያየ ሠራተኛ የቀረውንም መጠራጠር ይጀምራል። መቀበያ ክፍል ደርሷል ብሎ እውነቱን መጻፍ ክፍተት ይተዋል፤ ያን ክፍተት የሚሞላው ማስረጃ 4 ነው። ኢሜይሉ መጨረሻ ላይ የተቀመጠውም ቀኑ ስለሆነ ብቻ አይደለም፤ ከፊቱ ያለው መስመር ላይ አንባቢው የሚያነሣውን ጥያቄ ስለሚመልስ ነው።

ቃናው ላይ የተደረገው ለውጥ ቀላል ይመስላል፤ ግን ለሻጯ ከሁሉ የከበዳት እሱ ነው። «ውሸታም» የሚለው ወጣ። «እርግጠኛ ነኝ» የሚለውም ወጣ፤ የሻጩ እርግጠኝነት ለባንኩ ማስረጃ አይሆንምና። ደንበኛዋ ለምን እንዲህ እንዳደረገች የሚገምተው ዐረፍተ ነገር ሙሉ በሙሉ ተሰረዘ። ምናልባት ለሠርግ ለብሳው ይሆናል፤ ምናልባት ደግሞ ልኩ አልሆን ሲላት ባንኳ ደውላ፣ ስልኩን ያነሣው ሠራተኛ የተሳሳተ ምክንያት መርጦላት ይሆናል። ሁለቱም ይሆናሉ፤ የትኛው እንደሆነ ሻጯ ማወቅ አትችልም። ደግሞም ደብዳቤው የሚነበበው በደንበኛዋ ባንክ ነው፤ የባንኩን ደንበኛ መስደብ ለሻጯ ምንም አይጨምርላትም። እኔ የምጠቀምበት መለኪያ አለኝ፦ እያንዳንዱ ዐረፍተ ነገር ጎን የማስረጃ ቁጥር መጻፍ ካልተቻለ፣ ወይም ጥያቄው ምን እንደሆነ የማይናገር ከሆነ፣ ይሰረዝ።

ከመላኩ በፊት የሚቀሩት ጥቃቅን ናቸው። አራቱ ማስረጃዎች በአንድ ፋይል በቁጥራቸው ተራ ይቀመጡ፤ ቁጥሩ በየገጹ አናት ላይ በትልቁ ይጻፍ፤ መታየት ያለበት ቦታ በቀለም ሳይሆን በጥቁር ሳጥን ይከበብ። ፋይሉ በአንድ ሰው ስልክ ላይ ሳይጎላ መነበቡ ይሞከር። የካርዱ ሙሉ ቁጥር የትም ገጽ ላይ እንዳይታይ ይጣራ።

ይህ ሁሉ ሆኖም ድል ዋስትና የለውም። ሰንሰለቱ በእውነት የተቆረጠ ከሆነ፣ ማለትም ሌብሉ ላይ ያለው የአፓርታማ ቁጥር ትዕዛዙ ላይ ካለው የሚለይ ከሆነ፣ ወይም ጥቅሉ ሌላ ከተማ ደርሶ ከተገኘ፣ የተዋበ ደብዳቤ አያድነውም፤ ክርክሩን ተቀብሎ ከፖስታ ቤቱ ጋር መነጋገር ይሻላል። መልስ ከተላከ በኋላ ውሳኔው እስኪመጣ ሁለት ወርና ከዚያ በላይ ሊፈጅ ይችላል። ባንኩ ለደንበኛዋ ቢፈርድ ደግሞ የመጨረሻው ደረጃ የካርድ ኩባንያው ራሱ የሚዳኝበት ነው፤ እዚያ የተሸነፈ በመቶዎች የሚቆጠር ዶላር ይከፍላል። ለ340 ዶላር ቀሚስ እዚያ ድረስ መሄድ አያዋጣም፤ ስለዚህ ለሻጯ ያለው ዕድል ያ የመጀመሪያው ገጽ ነው።