ከብረቱ ውጭ የሚውል ነጥብ

አንጎላሬ የሚባለው ብረት ጫፉ ሲታይ ሁለት ክንዶች ያሉት የኤል ቅርጽ ነው። የዚህ ጫፍ ስፋት በአንድ ነጥብ ላይ ሚዛን ይያዝ ቢባል ነጥቡ የት ይሆን? ብዙ ሰው ጣቱን ብረቱ ላይ፣ ማዕዘኑ አጠገብ ያሳርፋል። ትክክለኛው ቦታ ግን ብረት የሌለበት፣ በሁለቱ ክንዶች መካከል ያለው ክፍት ቦታ ነው። መሐንዲሶች ይህን ነጥብ ሴንትሮይድ ይሉታል። ነጥቡን ለማግኘት ከማባዛት፣ ከመደመርና ከማካፈል ያለፈ ሒሳብ አያስፈልግም።

የሬክታንግል ሴንትሮይድ መሀሉ ላይ ነው። የሦስት ማዕዘን ደግሞ ከመሠረቱ የከፍታው አንድ ሦስተኛ ላይ ይውላል፤ ይህን አርኪሜዲስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በሦስተኛው መቶ ዓመት አረጋግጦታል። የኤል ቅርጽን ለመሰለው ግን መሀሉን በዓይን መገመት አይቻልም። ስለዚህ ቅርጹን መሀላቸው ወደሚታወቅ ቁርጥራጮች እንከፍለዋለን።

በወፍራም ካርቶን ላይ እንሥራው። ቁመቱ 30፣ የታች ርዝመቱ 20፣ የሁለቱም ክንዶች ውፍረት 5 ሴንቲ ሜትር የሆነ ኤል ይሁን። በመጀመሪያ መነሻ መስመሮች እንምረጥ፤ አንዱ የግራው ጠርዝ፣ ሌላው የታችኛው ጠርዝ ይሁን። እዚህ ጠርዞች ላይ ብንነሣ ርቀቶቹ በሙሉ ወደ አንድ አቅጣጫ ስለሚሆኑ የመደመርና የመቀነስ ምልክት አያምታታንም።

የቆመው ክንድ 5 በ30 ስለሆነ ስፋቱ 150 ካሬ ሴንቲ ሜትር ነው። መሀሉ ከግራው ጠርዝ 2.5፣ ከታችኛው ደግሞ 15 ሴንቲ ሜትር ይርቃል። የተኛው ክንድ 20 ርዝመት አለው፤ ማዕዘኑን ግን ቀድመን ከቆመው ጋር ስለቆጠርነው የሚቀረው 15 በ5፣ ማለትም 75 ካሬ ሴንቲ ሜትር ነው። የዚህኛው መሀል ከግራ 12.5፣ ከታች 2.5 ይርቃል።

አሁን እያንዳንዱን ስፋት በራሱ ርቀት እናባዛ። ከግራው ጠርዝ ስንነሣ 150 በ2.5 ሲባዛ 375፣ 75 በ12.5 ሲባዛ ደግሞ 937.5 ይሆናል። ድምራቸውን 1312.5ን ለጠቅላላው ስፋት ለ225 ስናካፍል 5.83 ሴንቲ ሜትር እናገኛለን። ከታችኛው ጠርዝ ስንነሣ 2250 እና 187.5 ተደምረው 2437.5 ይሆናሉ፤ ለ225 ሲካፈል 10.83 ሴንቲ ሜትር ነው። የክንዶቹ ውፍረት 5 ብቻ ስለሆነ ነጥቡ ከካርቶኑ ውጭ ወድቋል ማለት ነው።

የሁለቱን ክንዶች መሀሎች በቀጥታ መስመር ብናገናኛቸው ሴንትሮይዱ መስመሩ ላይ ይገኛል፤ ሆኖም እኩል አይከፍለውም። የቆመው ክንድ ስፋት የተኛውን እጥፍ ስለሆነ ነጥቡ ወደ ቆመው ይጠጋል፣ ከተኛው ያለው ርቀትም ከቆመው ያለውን እጥፍ ይሆናል። የሒሳቡ ሐሳብ በሙሉ እዚህ ውስጥ አለ፦ ትልቁ ስፋት ነጥቡን ወደ ራሱ ይስባል።

መልሱን በሌላ መንገድ መፈተን ይቻላል፤ እኔም የምመክረው ይህን ነው። ኤሉን 20 በ30 ከሆነ ሙሉ ሬክታንግል ላይ 15 በ25 የሆነ ቁራጭ ተቆርጦ የቀረ አድርገን እናስበው። የተቆረጠው ስፋት 375 ሲሆን መሀሉ ከግራ 12.5 ላይ ነው። ስለዚህ 600 በ10 ከሚሰጠው 6000 ላይ 375 በ12.5 የሚሰጠውን 4687.5 እንቀንሳለን፤ የሚቀረው ያው 1312.5 ነው። ቀዳዳ ያለው ማንኛውም ቅርጽ የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው፤ የባዶው ቦታ ስፋትም ብዜትም ይቀነሳል።

ተማሪዎችን ደጋግሞ የሚያሳስተው ማዕዘኑ ነው። የተኛውን ክንድ 20 በ5 ብለው ሲወስዱት ማዕዘኑ ሁለት ጊዜ ይቆጠርና መልሱ 5.5 እና 10 ይሆናል። ቁጥሮቹ ትክክል ስለሚመስሉ አያስጠረጥሩም፤ ስሕተቱን የሚያጋልጠው የስፋቱ ድምር በ225 ፈንታ 250 መሆኑ ነው። ስለዚህ ከማካፈል በፊት ድምሩን ከእውነተኛው ስፋት ጋር ማስተያየት ይገባል።

የእጅ ማረጋገጫም አለ። ካርቶኑን ጫፉ አጠገብ በመርፌ ወግተን እናንጠልጥለው፤ ከመርፌው ላይ ቱንቢ አውርደን ክሩ የሚያልፍበትን መስመር እናስምር፤ ከሌላ ጫፍም እንድገመው። ሁለቱ መስመሮች የሚገናኙት ክፍት ቦታው ላይ ስለሆነ ከጀርባ ቀጭን ወረቀት መለጠፍ ያስፈልጋል። ይህ የሚሠራው ግን የካርቶኑ ውፍረት አንድ ዓይነት ሲሆን ብቻ ነው። አንዱ ክንድ ከከባድ ብረት ቢሠራ ቱንቢው የሚያሳየው የክብደቱን ማዕከል ነው፤ ያን ጊዜ በስፋት ፈንታ የእያንዳንዱን ክፍል ክብደት ማባዛት ይኖርብናል።

አንጎላሬ በአንድ ክንዱ ብቻ ከላሜራ ጋር ተበይዶ ሲሳብ ስሕተት የሚፈጠረው በዚህ ነጥብ ምክንያት ነው። ኃይሉ በሴንትሮይዱ ካላለፈ ብረቱ ከመሳብ አልፎ ይጎብጣል። ስለዚህ ነድፎ የሚያሠራ መሐንዲስ ብየዳውን በክንዱ ሁለት ጠርዞች እኩል አያደርገውም፤ ሴንትሮይዱ ወደ ማዕዘኑ ስለሚቀርብ በማዕዘኑ በኩል ያለውን ያስረዝመዋል፣ በክንዱ ጫፍ በኩል ያለውን ያሳጥረዋል።