ተጋባዡ ተናጋሪ በስንት ሰዓት ይቅረብ?

የግብዣ ደብዳቤዎቻችን በአክብሮት አይታሙም። ‹‹በሚካሄደው ዓመታዊ ጉባኤ ላይ ተገኝተው ሙያዊ ንግግር እንዲያደርጉልን በታላቅ አክብሮት እንጠይቃለን›› ተብሎ ይጻፋል፣ ይፈረማል፣ ማኅተም ይመታበታል። ደብዳቤው የደረሰው ሰው ግን ስልክ ማንሳቱ አይቀርም። መቼ፣ ለስንት ደቂቃ፣ ስለ ምን፣ በማን ወጪ የሚለውን ደብዳቤው አልነገረውማ።

እንበልና ባሕር ዳር ላይ ስለ ጣና ሐይቅ ጉባኤ ሊካሄድ ነው። አዘጋጆቹ ከሚጋብዟቸው ሦስት ተናጋሪዎች አንዱ ከአዲስ አበባ በአካል ይመጣሉ፤ ሌላዋ ዋሽንግተን የሚኖሩ ኢትዮጵያዊት ተመራማሪ ሲሆኑ የሚቀርቡት በዙም ነው። ዕለቱ ኅዳር 10፣ ሰዓቱ 10፡00 ነው። ይህን ብቻ ጽፎ የላከ አዘጋጅ ችግር ጋብዟል። አሥር ሰዓቱ የእኛ ነው ወይስ የፈረንጆች? ስለዚህ ደብዳቤው እንዲህ ቢል ይሻላል፦ ‹‹ሐሙስ፣ ኅዳር 10 ቀን 2019 ዓ.ም.፣ ማለትም እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 19 ቀን 2026፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከቀኑ 10፡00 ሰዓት፤ በዋሽንግተን ከጠዋቱ 8፡00››። ‹‹ሐሙስ›› የሚለውን ትርፍ አድርጎ የሚያይ ይኖራል። ቀን ሲመነዘር አንድ ቀን ወደፊት ወይም ወደኋላ ማለት የተለመደ ስሕተት በመሆኑ፣ ስሕተቱን ቶሎ የሚያጋልጠው የዕለቱ ስም ነው።

የዋሽንግተኑንም ሰዓት አስልቶ መጻፍ የአዘጋጁ ሥራ ነው። ደብዳቤው በመስከረም ሲደርሳቸው በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው ልዩነት 7 ሰዓት ነው። አሜሪካኖች ግን በኖቬምበር መጀመሪያ እሑድ ሰዓታቸውን ወደ ኋላ ስለሚመልሱ፣ በጉባኤው ዕለት ልዩነቱ 8 ይሆናል። ተመራማሪዋ በመስከረሙ ልዩነት አስልተው ‹‹9፡00 ላይ ነው›› ብለው ከያዙ፣ ዙሙን የሚከፍቱት ባሕር ዳር ላይ 11፡00 ሲሆን ነው። መድረኩ 11፡30 ላይ ይዘጋል።

ከ10፡00 እስከ 11፡30 ያለው ጊዜ የመድረኩ እንጂ የአንድ ተናጋሪ አይደለም። ብዙ ደብዳቤዎች የሚሳቱት እዚህ ላይ ነው። የሚጻፈው የመድረኩ ጊዜ ብቻ ከሆነ እንግዳው የአንድ ሰዓት ተኩል ንግግር ያዘጋጃሉ፤ ሃያኛው ደቂቃ ላይ አወያዩ ‹‹ይጨርሱ›› የሚል ቁራጭ ወረቀት ሲያስተላልፍ ዋናው ግኝት ገና አልተነገረም። እንዲህ ያለው መድረክ አዳራሹ ውስጥ ሁሉንም ያሳፍራል። ለእኛ ጉባኤ ክፍፍሉ ቀላል ነው፦ ለሦስቱ ተናጋሪዎች ለእያንዳንዳቸው 20 ደቂቃ፣ በመጨረሻም ለጋራ ውይይት 30 ደቂቃ። ደብዳቤው ይህንን፣ የተናጋሪውን ተራና ከእሳቸው በፊት የሚቀርበው ማን እንደሆነ ይጥቀስ።

ርዕሱም እንደ ጊዜው መጠኑ ይታወቅ። ‹‹ስለ እምቦጭ አረም›› የተባለ ሰው ከአረሙ አመጣጥ ጀምሮ ሃያ ደቂቃውን ይፈጃል። ይልቅ ጥያቄ ይሰጣቸው፦ በቪክቶሪያ ሐይቅ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አረሙን የሚበሉ ጢንዚዛዎች ተለቀው ነበር፤ ከዚያ ተሞክሮ ለጣና የሚሆነው የቱ ነው፣ የማይሆነውስ? አድማጮቹ ገበሬዎችና አሣ አጥማጆች መሆናቸውም ይነገራቸው። ይህ ሲታወቅ የሚመጣው ስላይድ ሌላ ነው።

የወጪው ነገር ባህላችን ስለሚያሳፍረው ‹‹አስፈላጊው ሁሉ ይሟላል›› በሚል ይታለፋል። ከአዲስ አበባ ለሚመጡት እንግዳ ይህ ምንም አይነግራቸውም። የአውሮፕላን ትኬቱን አዘጋጁ ቆርጦ ይልካል ወይስ እሳቸው ቆርጠው ያወራርዳሉ? ማወራረድ ካለ፣ ፋይናንስ ክፍሉ ደረሰኙንና የመሳፈሪያ ወረቀቱን የሚጠይቅ ከሆነ አስቀድሞ ይነገራቸው፤ ካልተነገራቸው ወረቀቱን አውሮፕላን ማረፊያው ጥለውት ይሄዳሉ። ለስንት ሌሊት ሆቴል እንደተያዘ፣ ከአውሮፕላን ማረፊያ ማን እንደሚቀበላቸው፣ አበል ወይም የንግግር ክፍያ ይኖር እንደሆነ በቁጥር ይጻፍ። ክፍያ ከሌለም ‹‹የለም›› ማለት ነውር አይደለም። በዙም ለሚቀርቡት ደግሞ ስላይዳቸውን እስከ መቼ እንደሚልኩ፣ ድምፅና ምስል የሚሞከርበት ቀንና መስመር ቢቆረጥ የሚደወልበት ስልክ ይበቃል።

መልስ የሚጠበቅበት ቀንም አይረሳ፤ እስከ ጥቅምት 1 ካላሳወቁ ሌላ ተናጋሪ ለመፈለግ አርባ ቀን ያህል ይቀራል። እንግዲህ እርስዎም እንዲህ ያለ ደብዳቤ ሲጽፉ፣ ከመፈረምዎ በፊት ስለ ጉባኤው ምንም ለማያውቅ ባልደረባ ያስነብቡት። ተናጋሪው መቼ፣ ለስንት ደቂቃ፣ ስለ ምንና በማን ወጪ እንደሚናገር አንብቦ መናገር ካልቻለ ማኅተሙ ይቆይ።