ከሰላምታው እስከ መልእክቱ፦ የአጭር ዳዕዋ ቪዲዮ የመጀመሪያ 3 ሰከንዶች

አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። ይህን ሰላምታ ሳትቸኩሉ ድምፅ አውጥታችሁ በሉትና በስልካችሁ ሰዓት ለኩት። 3 ሰከንድ ገደማ ይወስዳል። በቲክቶክም ሆነ በዩቲዩብ ሾርትስ ተመልካቹ «ልቆይ ወይስ ልለፈው?» ብሎ የሚወስነው አብዛኛውን ጊዜ በዚያችው ጊዜ ውስጥ ነው። ሰላምታችን ሳያልቅ አውራ ጣቱ አሳልፎናል ማለት ነው።

ጀመዓዎች የሚለቋቸው ብዙ ቪዲዮዎች አጀማመራቸው ተመሳሳይ ነው። መጀመሪያ የጀመዓው አርማ ይዞራል፤ ቀጥሎ ሙሉ ሰላምታ፣ ከዚያ ሐምድና ሶለዋት፣ ከዚያ «የተከበራችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ የዛሬው ርዕሳችን…» ይመጣል። ይህ አደራረግ ለመስጂድ ነው የተሠራው። መስጂድ ውስጥ ሰው አንዴ ተቀምጧል፤ ተነስቶ አይሄድም። ስልክ ላይ ግን ተመልካቹ ምን እንደምንነግረው ገና አያውቅም። ያለፈው ዲኑን ንቆ ሳይሆን ርዕሱ ስላልደረሰው ነው።

በአንድ ምሳሌ እንየው። የ40 ሰከንድ ቪዲዮ ልንሠራ ነው፤ ርዕሱ ስለ ሙፍሊስ (ስለ ከሰረ ሰው) አቡ ሁረይራ ያስተላለፉትና ኢማም ሙስሊም የዘገቡት ሐዲስ ነው። በሐዲሱ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሙፍሊስ ማን እንደሆነ ሰሐቦችን ይጠይቃሉ። እነሱም ገንዘብም ንብረትም የሌለው ሰው መሆኑን ይመልሳሉ። እሳቸው ግን ትርጉሙን ይገለብጡታል፦ ሙፍሊስ ማለት በቂያማ ቀን ሶላት፣ ፆምና ዘካ ይዞ የሚመጣ፣ ነገር ግን ሰው የሰደበ፣ ስም ያጠፋ፣ ገንዘብ የበላ፣ ደም ያፈሰሰ፣ የደበደበ ሰው ነው። መልካም ሥራው ለተበደሉት ይከፋፈላል፤ ዕዳው ሳያልቅ መልካም ሥራው ካለቀ የእነሱ ወንጀል ወደሱ ይዞራል፤ ከዚያም ወደ እሳት ይጣላል።

ልብ በሉ፤ የቪዲዮ ሠሪዎች «ሁክ» የሚሉት ሰውን የሚይዘው መነሻ ሐዲሱ ውስጥ ራሱ አለ። ጥያቄ መጣ፣ ሁሉም የሚያውቀው መልስ ተሰጠ፣ መልሱ ተገለበጠ። የእኛ ሥራ ከውጭ አዲስ ነገር ማምጣት ሳይሆን ይህን መገለባበጥ ወደ ፊት ማምጣት ነው።

አሁን የመጀመሪያዋን ዓረፍተ ነገር እንምረጥ። አንደኛ አማራጭ፦ «ሶላትህ ከንቱ ሊሆን ይችላል!» ሰው ያስቆማል። ግን ሐዲሱ እንዲህ አላለም። የሰውየው ሶላት ዋጋ ስላለው ነው ዕዳ የሚከፈልበት። በ3ኛው ሰከንድ ያለፈ ወንድም «ሶላቴ ጥቅም የለውም» የሚል ነገር ይዞ ይሄዳል፤ እኛም በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ስም ያልተባለ ነገር አስተላልፈናል። ሁለተኛ አማራጭ፦ «ዛሬ ስለ ሰው ሐቅ አንድ ሐዲስ እናያለን።» ይህ እውነት ነው፤ ግን ተመልካቹ የሚጠይቀው ነገር አልቀረለትም። ሦስተኛ አማራጭ፦ «ሰግዷል፣ ፆሟል፣ ዘካም ሰጥቷል። ግን የሰው ዕዳ አለበት።» ይህኛው እውነት ነው፤ «ታዲያ ምን ይሆናል?» የሚለውንም ጥያቄ ክፍት ይተዋል።

መለኪያው ይህ ነው፦ ተመልካቹ የመጀመሪያዎቹን 3 ሰከንዶች ብቻ ሰምቶ ቢሄድ፣ ይዞት የሄደው ነገር ለብቻው እውነት ነው? አብዛኛው ሰው ቀሪውን ላይሰማ ስለሚችል «በኋላ እናብራራዋለን» የሚለው አይሠራም። «ይህን ቪዲዮ ያላየ ኢማን የለውም»፣ «ሼር ካላደረግክ…» የሚሉት አጀማመሮችም በዚሁ መለኪያ ይወድቃሉ፤ ማስረጃ የሌለው ፍርድ ናቸውና።

ዓረፍተ ነገሩ ከተመረጠ በኋላ ሰላምታውን የት እናድርገው? እዚህ ላይ የሚረዳን ዓይንና ጆሮ በአንድ ጊዜ መሥራታቸው ነው። ቢስሚላህን የመቅረጫውን ቁልፍ ከመጫናችን በፊት እንበል። «አሰላሙ ዐለይኩም» ብቻውን የተሟላ ሰላምታ ስለሆነና 1 ሰከንድ ያህል ብቻ ስለሚወስድ በድምፅ እሱን እንበል። በዚያው ቅጽበት ግን የመረጥነው ዓረፍተ ነገር ከመጀመሪያዋ ምስል ጀምሮ በጽሑፍ ይታይ። ጆሮው ሰላምታውን ሲቀበል ዓይኑ ጉዳዩን አንብቧል፤ ድምፅ ዘግቶ የሚያይም አያመልጠንም። ጽሑፉን በሁለት መስመር ወፈር አድርጋችሁ ከመሃል ትንሽ ከፍ አድርጉት። ቀኙን የላይክና የሼር ምልክቶች፣ ታችኛውን የቪዲዮው መግለጫ ይሸፍኑታል።

ምስሉስ? አርማ ሳይሆን የሱቅ የዱቤ ደብተር እናሳይ። በአንዱ ገጽ «ሶላት፣ ፆም፣ ዘካ» ተጽፏል፤ በሌላው ገጽ አንድ እጅ የባለዕዳ ዝርዝር እየጻፈ ነው፦ «የሰደብኩት»፣ «ያማሁት»፣ «ገንዘቡን የበላሁበት»። ዱቤ የማያውቅ ተማሪ ስለሌለ ማብራሪያ አያስፈልገውም። ቀረጻው ላይ ቁልፉን ተጭነን እስክንናገር ያለውን ዝምታ ቆርጠን እናውጣ፤ ግማሽ ሰከንድ ዝምታ ትንሽ ቢመስልም ከ3 ሰከንድ አንድ ስድስተኛው ነው። ከንግግሩ ሥር የቁርኣን ቲላዋ አናድርግ። ቁርኣን ሲነበብ ጸጥ ብለን እንድናዳምጥ ታዘናል፤ ላዩ ላይ መናገር ከዚያ ጋር አይሄድም፤ ሁለቱም ድምፆች በደንብ አይሰሙም።

ብዙዎች የሚሳሳቱት ግን 4ኛው ሰከንድ ላይ ነው። ጥሩ ዓረፍተ ነገር ይሉና ተመልሰው «ወደ ርዕሳችን ከመግባታችን በፊት…» ይላሉ። መነሻው ቃል ኪዳን ነው፤ መክፈል ወዲያው መጀመር አለበት። በእኛ ምሳሌ 4ኛው ሰከንድ በቀጥታ «ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሰሐቦቻቸውን ጠየቁ» ብሎ ይጀምራል። እስከ 12ኛው ሰከንድ ጥያቄውና መልሱ ያልቃል። እስከ 30ኛው ድረስ ባለሐቆቹ አንድ በአንድ ሲመጡ ከመልካም ሥራው ገጽ ላይ ይሰረዛል። የቀረው 10 ሰከንድ ተመልካቹ ዛሬ ደውሎ «አውፍ በለኝ» ሊለው የሚገባውን አንድ ሰው እንዲያስብ ነው። የሐዲሱ ዘጋቢ ስም በትንሽ ጽሑፍ ከታች ሳይሸፈን ይታያል።

ቪዲዮው ከተለቀቀ በኋላ ቲክቶክ Retention rate በሚለው ግራፍ በየሰከንዱ ስንት ሰው እንደቀረ ያሳያል። መስመሩ ገና በ1ኛው ሰከንድ ወደ ታች ከወደቀ ችግሩ የመጀመሪያው ምስል ወይም ዝምታው ነው። እስከ 3ኛው ቆይቶ 4ኛውና 5ኛው ላይ ከተሰበረ መነሻው ይዟል፤ ተከታዩ ግን ቃሉን አልጠበቀም። ያኔ የሚስተካከለው ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ነው፤ መነሻውን ይበልጥ ማስጮህ ያባብሰዋል። መስመሩ ቀስ እያለ ከወረደ ግን ያ የተለመደ ነው። በ12 ሰው ዕይታ ላይ ተመሥርታችሁ አትፍረዱ፤ አንድ ሰው ሲያልፍ እንኳ መስመሩ በጣም ይወርዳል።

ግራፉ ማን እንደቆየ ይነግረናል እንጂ ማን ደውሎ አውፍታ እንደጠየቀ አይነግረንም። ስለዚህ ቁጥሩን ለማስተካከያ እንጠቀምበት፤ በሐዲሱ ቃል ላይ ግን አናስወስነው። ዓረፍተ ነገራችሁን ከመቅረጻችሁ በፊት ለጀመዓው ኡስታዝ አሳዩት፤ 3 ሰከንድ የምትሆን ንግግር ለማረም ከአንድ ደቂቃ በላይ አይፈጅበትም። ወላሁ አዕለም።