ከስላይድ ወደ ዎርድ፦ ቀመሩ ቀመር ሆኖ እንዲሻገር

በፓወርፖይንት ስላይድ ላይ የሚታይ የሒሳብ ቀመር ከሦስት ዓይነቶች አንዱ ነው፤ በፕሮግራሙ በራሱ የቀመር መሣሪያ የተጻፈ፣ በድሮው የቀመር አርታኢ የተሠራ፣ ወይም ተራ ሥዕል። በዓይን ብዙም አይለያዩም፤ ወደ ዎርድ ሲሻገሩ ግን ዕጣቸው ለየቅል ነው። ለመለየት ቀመሩን መጫን ይበቃል። ከላይ Equation የሚል ትር ከመጣ የመጀመሪያው ዓይነት ነው፤ Picture Format ከመጣ ሥዕል ነው።

ብዙዎች በቅድሚያ የሚሞክሩት ፓወርፖይንት ወደ ዎርድ የሚልክበትን Create Handouts የተባለውን ትእዛዝ ነው። ትእዛዙ የሚያዘጋጀው ግን ለማተሚያ የሚሆን ወረቀት ነው፤ እያንዳንዱ ስላይድ እንደ ተካተተ የፓወርፖይንት ስላይድ ይገባል፣ በውስጡ ያለውም ቀመር የዎርድ ቀመር አይሆንም። Outline only የሚለው ምርጫም ጽሑፉን እንጂ የቀመሩን ቅርጽ ለማሻገር አይታመንም። አሰልቺ ቢሆንም አስተማማኙ መንገድ ጽሑፉን ከየስላይዱ በእጅ መቅዳት ነው።

ባለ ሁለተኛ ዲግሪ እኩልዮሽ የሚፈታበትን ቀመር የያዘ ስላይድ እንውሰድ። የሳጥኑ ጠርዝ ተመርጦ ኮፒ ከተደረገ ዎርድ ውስጥ የሚገባው ተንሳፋፊ ሳጥን ነው። ስለዚህ ጠቋሚውን ሳጥኑ ውስጥ አስገብቶ ዓረፍተ ነገሩንና ቀመሩን ብቻ መምረጥ፣ ከዚያም Keep Source Formatting በሚለው ምርጫ መለጠፍ ይሻላል። ጽሑፍ ብቻ የሚያሻግረው Keep Text Only ክፍልፋዩን አፍርሶ በአንድ መስመር ይደረድረዋል። ስላይዱ ጥቁር መደብና ነጭ ፊደል ከነበረው ቀመሩ የጠፋ ሊመስል ይችላል፤ ነጭ ገጽ ላይ ነጭ ሆኖ ተቀምጧልና የፊደሉን ቀለም Automatic ማድረግ ነው። መጠኑም ከስላይዱ 28 ወደ 11 ወይም 12 ይወርዳል። ቀመሩ በዓረፍተ ነገር መካከል ሲገባ ክፍልፋዩ ያንሳል፤ ብቻውን በራሱ መስመር ላይ ሲቀመጥ ግን ወደ ሙሉ ቅርጹ ይመለሳል።

የድሮው አርታኢ በጸጥታ ቀዳዳ ምክንያት በ2018 እ.ኤ.አ. ከኦፊስ ተወግዷል። በእሱ የተሠራ ቀመር ይታያል እንጂ እንደ ቀድሞው አይከፈትም። ወደ ዎርድ ተቀድቶ ሁለት ጊዜ ሲጫኑት ግን አዳዲሶቹ የዎርድ እትሞች ወደ አዲሱ ዓይነት ልቀይረው ወይ ብለው ይጠይቃሉ። ሥዕል ለሆነው ግን እንደገና ከመጻፍ ሌላ የሚታመን መላ የለም። ዎርድ ላይ Alt እና = አንድ ላይ ተጭነው የቀመር ቦታ ይከፈታል፤ ከዚያ የሚከተለው ተጽፎ ክፍተት ሲጫን ቅርጹን ይይዛል፦

```
x=(-b±√(b^2-4ac))/(2a)
```

ሰነዱ በ.docx መቀመጥ አለበት፤ በድሮው .doc ከተቀመጠ ዎርድ ቀመሮቹን ወደ ሥዕል ይለውጣቸዋል።