ስጋት እንደ ትርፍ አይደመርም

«አደገኛ አክሲዮን ከጨመርክ አደጋህን ጨመርክ» የሚል ምክር ደጋግሜ እሰማለሁ። ሌላው ደግሞ «ገንዘብህን ሁለት ቦታ ክፈለው፤ አደጋው በግማሽ ይቀንሳል» ይላል። ሁለቱም የተሳሳቱት በአንድ ምክንያት ነው፤ አክሲዮኖቹ አብረው ይወድቁ ወይም ተለያይተው ይሂዱ እንደሆነ አልጠየቁም።

ትርፉ ቀላል ነውና ቶሎ እንለፈው። «ሀ» የተባለው አክሲዮን በዓመት 20 በመቶ፣ «ለ» 28 በመቶ ትርፍ ይጠበቅበታል እንበል። ገንዘባችንን እኩል ብናካፍላቸው የሚጠበቀው ትርፍ 24 በመቶ ነው፤ ሌላ ሊሆን አይችልም።

ስጋቱ ግን እንዲህ አይሰላም። ስጋትን የምንለካው ትርፉ ከአማካዩ ወዲህና ወዲያ ምን ያህል እንደሚዋዥቅ አይተን ነው፤ ይህ መደበኛ ልይይት ይባላል። የ«ሀ» 30፣ የ«ለ» 40 ይሁን። የሚደመሩት እነዚህ ሳይሆኑ ካሬያቸው፣ ማለትም ቫሪያንሳቸው ነው፦

σ² = w₁²σ₁² + w₂²σ₂² + 2w₁w₂ρσ₁σ₂

w የእያንዳንዱ ድርሻ ነው፤ እዚህ 0.5። ቁጥሮቻችንን ስናስገባ 225 + 400 + 600ρ ይሆናል። ነገሩ ሁሉ ያለው በመጨረሻው ላይ ነው። ρ ተዛምዶ ሲሆን ከ−1 እስከ 1 ይደርሳል። (ቃሉ አንዱ የሌላው ምክንያት ነው ማለት አይደለም፤ አብረው መነሳትና መውደቃቸውን ብቻ ይናገራል።)

ρ 1 ከሆነ ድምሩ 1225፣ ካሬ ሥሩ 35 ነው። ስጋቱ የሁለቱ አማካይ የሚሆነው እዚህ ላይ ብቻ ነው። ρ 0 ከሆነ 25 ይሆናል፤ ይህም «ሀ»ን ብቻ ከመያዝ ያነሰ ነው። ρ −1 ከሆነ ደግሞ 5 ብቻ!

ለምን? በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ፤ ብርም ረከሰ። ቡና ላኪው ለአንድ ዶላር ብዙ ብር ሲያገኝ፣ ዕቃ አስመጪው በዚያው ቀን ወጪው ናረበት። የሁለቱን አክሲዮን የያዘ ሰው የአንዱ ጉዳት በሌላው ጥቅም ይካካስለታል። ሁለት የባንክ አክሲዮን የገዛ ግን አንድ የብሔራዊ ባንክ መመሪያ ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ሊነካበት ይችላል፤ ሁለት ሰርተፍኬት መያዙ አይጠብቀውም።

መለኪያውም አለ። አደገኛው «ለ» ስጋት የሚቀንስልን ተዛምዶው ከ30 ሲካፈል ለ40፣ ማለትም ከ0.75 እስካነሰ ድረስ ነው። ρ 0 ሲሆን 64 በመቶ «ሀ»፣ 36 በመቶ «ለ» ብንይዝ ስጋቱ ወደ 24 ይወርዳል፤ ትርፉ ደግሞ ወደ 22.9 ከፍ ይላል። ከዚህ በላይ «ለ»ን ስንጨምር ስጋቱ ተመልሶ ያድጋል።

ሃሪ ማርኮዊትዝ ይህን ስሌት በ1952 (እ.ኤ.አ.) ካሳተመ ወዲህ የባለሙያው ራስ ምታት ρ ነው። የምናገኘው ካለፈው ዋጋ ሲሆን እሱም ይለዋወጣል። በ2022 (እ.ኤ.አ.) የአሜሪካ አክሲዮንና ቦንድ፣ አንዱ ሲወድቅ ሌላው ይደግፋል ሲባሉ የኖሩት፣ የዋጋ ንረትና የወለድ ጭማሪ ሲመጣ አብረው ወደቁ። በኛ ምሳሌም ρ ከ0 ወደ 0.8 ቢዘል፣ 25 ነው ያልነው ስጋት አንድም አክሲዮን ሳንለውጥ 33 ይደርሳል።