አራት አረንጓዴ፣ አምስት እጩ

ዎርድል የሚጫወት ሰው ሁሉ የሚያውቀው አንድ ሽንፈት አለ። ሦስተኛው ቃል ሲገባ ከአምስቱ ሳጥኖች አራቱ አረንጓዴ ይሆናሉ። አንድ ፊደል ብቻ ቀርቷል፤ ሦስት ሙከራም በእጅ አለ። ተጫዋቹ ጨዋታው ያለቀ ይመስለዋል። ከዚያ ያችኑ አንዲት ፊደል እየቀያየረ አራተኛውን፣ አምስተኛውንና ስድስተኛውን ሙከራ ይጨርስና ይሸነፋል። ብዙዎች ይህን የዕድል ነገር አድርገው ይወስዱታል። ሦስቱ ሙከራዎች የሰጡትን ፍንጭ በሥርዓት ላነበበ ሰው ግን ከዚህ ወጥመድ መውጫ መንገድ አለ።

ጨዋታውን የሠራው ኒው ዮርክ፣ ብሩክሊን ይኖር የነበረው የዌልስ ተወላጅ የሶፍትዌር ባለሙያ ጆሽ ዋርድል ነው። ያዘጋጀው የቃላት ጨዋታ ለምትወደው የሕይወት አጋሩ ለፓላክ ሻህ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2021 ለሕዝብ ክፍት ሆነ፤ በ2022 መጀመሪያ ደግሞ ኒው ዮርክ ታይምስ ገዛው። በእንግሊዝኛ ወደ 12,000 ከሚጠጉ ባለ አምስት ፊደል ቃላት ውስጥ ፓላክ የምታውቃቸውን እየመረጠች መልስ ሊሆኑ የሚችሉትን ወደ 2,500 ገደማ አወረደቻቸው። ለተጫዋቹ ይህ ጠቃሚ መረጃ ነው፤ የሚፈለገው ቃል አብዛኛውን ጊዜ ሰው የሚያውቀው ተራ ቃል ነው ማለት ነው።

ሕጉ አጭር ነው። ስድስት ሙከራ ይፈቀዳል። ከእያንዳንዱ ሙከራ በኋላ በቦታው የተገኘ ፊደል አረንጓዴ፣ በቃሉ ውስጥ ኖሮ ቦታውን የሳተ ቢጫ፣ የሌለ ደግሞ ግራጫ ይሆናል።

ሦስት ሙከራ፣ ሦስት ረድፍ ፍንጭ

አንድ ጨዋታ ከመጀመሪያው እንከተል። ተጫዋቹ በCRANE ጀመረ እንበል። C እና A ቢጫ ሆኑ፤ R፣ N እና E ግራጫ። ግራጫዎቹ ሦስት ፊደላትን ከነጭራሹ አስወጡ። ቢጫ ግን ሁለት ነገር ነው የሚናገረው፤ ችኩል ተጫዋች አንዱን ብቻ ይሰማል። C በቃሉ ውስጥ አለ፤ በመጀመሪያው ቦታ ግን የለም። A በቃሉ ውስጥ አለ፤ መሃል ላይ ግን የለም። ይህች ሁለተኛዋ ግማሽ በኋላ አንድ ቃል ታስጥልልናለች።

ሁለተኛው ሙከራ TACIT ነው። የመጀመሪያው T ቢጫ፣ A አረንጓዴ፣ C ቢጫ፣ I ግራጫ፣ የመጨረሻው T ደግሞ ግራጫ ሆነ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ግራ ይጋባል። አንዱ T ቢጫ ሆኖ ሌላው T ግራጫ የሚሆነው እንዴት ነው? አለ ወይስ የለም?

መልሱ ጨዋታው ቀለሙን በሚቀባበት ቅደም ተከተል ላይ ነው። መጀመሪያ አረንጓዴዎቹን ይለያል። ቀጥሎ ከግራ ወደ ቀኝ እየሄደ ቢጫ ይሰጣል፤ የሚሰጠው ግን ፊደሉ በመልሱ ውስጥ ባለው ብዛት ልክ ብቻ ነው። ከዚያ የተረፈው ግራጫ ይሆናል። ስለዚህ እዚህ ግራጫው T «የለም» ማለት አይደለም፤ «ከአንድ በላይ የለም» ማለት ነው። በተጨማሪም T በመጀመሪያም በመጨረሻም ቦታ እንደሌለ አወቅን። ሁለተኛው ቦታ በA ተይዟል። T ያለው ሦስተኛው ወይም አራተኛው ቦታ ላይ ነው።

C ደግሞ ከመጀመሪያውና ከሦስተኛው ቦታ ተባሯል፤ ሁለተኛው የA ነው፤ የቀሩለት አራተኛውና አምስተኛው ናቸው። እነዚህን ስናገጣጥም በተለመደው እንግሊዝኛ የሚገኘው ቅርጽ _ATCH ብቻ ነው። ተጫዋቹ ሦስተኛውን ሙከራ PATCH አደረገ። P ግራጫ፣ የቀሩት አራቱ አረንጓዴ። ወጥመዱ ውስጥ ገባ ማለት ነው።

እጩዎቹን መቁጠር

አሁን የሚያስፈልገው አራተኛውን ቃል መጻፍ ሳይሆን የቀሩትን እጩዎች ሁሉ መዘርዘር ነው። እንግሊዝኛ የአፍ መፍቻ ቋንቋው ላልሆነ ሰው የሚበጀው ዘዴ ባዶው ቦታ ላይ ፊደላቱን በተራ ማስገባት ነው። ከ26ቱ ውስጥ R፣ N፣ E፣ I እና P ወድቀዋል። T ቦታው ታውቋል፤ ሁለተኛ T እንደሌለም ተረጋግጧል። C በመጀመሪያ ቦታ አትገባም። የቀሩትን 19 ፊደላት አንድ በአንድ ስንሞክር የታወቀ ቃል የሚሰጡት አምስት ናቸው፤ BATCH፣ HATCH፣ LATCH፣ MATCH እና WATCH።

CATCHስ? ብዙ ሰው ዝርዝሩ ውስጥ ይከተዋል፤ ቅርጹ ይገጥማልና። አንድ ቃል በእውነት እጩ መሆኑን የሚለየው ፈተና ወደ ኋላ የሚሄድ ነው፤ መልሱ ይህ ቃል ቢሆን ኖሮ ሦስቱም ሙከራዎች አሁን የማያቸውን ቀለሞች ይሰጡኝ ነበር ወይ ብሎ መጠየቅ። መልሱ CATCH ቢሆን የCRANE የመጀመሪያ ፊደል አረንጓዴ ይሆን ነበር። የሆነው ግን ቢጫ ነው፤ CATCH ወደቀ። HATCH በተመሳሳይ ሲፈተን ሦስቱንም ረድፍ ያልፋል። በአንድ ረድፍ አንድ ቀለም እንኳ ከተለየ ቃሉ ይወጣል።

ስለዚህ የተጫዋቹ ሁኔታ አምስት እጩ፣ ሦስት ሙከራ ነው። አምስቱም እኩል ዕድል አላቸው ብንል፣ አንድ በአንድ የሚሞክር ሰው የማሸነፍ ዕድሉ ከአምስት ሦስት ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው። MATCH ብሎ ቢሳሳት የሚያየው አራቱን አረንጓዴ ዳግመኛ ነው፤ ከM በቀር የተማረው አዲስ ነገር የለም። እያንዳንዱ ሙከራ የሚያስወጣው አንድ ቃል ብቻ ነው።

ማሸነፍ የማይችለው ቃል

መውጫው መልስ ሊሆን እንደማይችል እያወቁ የሚያስገቡት ቃል ነው። ለምሳሌ CLIMB። ይህ ቃል መልስ አይሆንም፤ I መውደቋን እናውቃለን። በውስጡ ግን L፣ M እና B አንድ ላይ አሉ። ለአምስቱ እጩዎች የሚሰጠውን ቀለም እንመልከት። C ምንጊዜም ቢጫ ስለምትሆን እንተዋት። L ቢጫ ከሆነች መልሱ LATCH ነው። M ቢጫ ከሆነች MATCH፣ B ቢጫ ከሆነች BATCH። ሦስቱም ግራጫ ከሆኑ የቀሩት HATCH እና WATCH ብቻ ናቸው፤ ለእነዚህ ለሁለቱ ደግሞ ሁለት ሙከራ አለ።

ዋጋው አንድ ነው፤ በአራተኛው ሙከራ የማሸነፍ ዕድል ይቀራል። በልዋጩ ከአምስቱ አራቱ በአምስተኛው ሙከራ፣ አንዱ በስድስተኛው ይገኛል። የሚሸነፍበት መንገድ የለም። ተጫዋቹ CLIMB ብሎ ከC በቀር ሁሉም ግራጫ ሆነበት እንበል፤ HATCH ቢል እና ቢስት፣ የመጨረሻው ሙከራ ያለ ጥርጥር WATCH ነው።

ለመለያ የሚሆነውን ቃል ሲመርጡ መጠንቀቅ የሚገባው አንድ ነገር አለ። H አጓጊ ናት፤ ከHATCH በቀር ግን መለያ አትሆንም የሚያሰኝ ነገር አላት። አምስቱም እጩዎች በH ስለሚጨርሱ፣ H መሃል ላይ ያለበት ቃል ለሁሉም እኩል ቢጫ ይሰጣል፤ ምንም አይለይም። ጥሩ መለያ ቃል ማለት ለተለያዩ እጩዎች የተለያየ ቀለም የሚሰጥ እንጂ አዳዲስ ፊደል የበዛበት አይደለም።

ይህ ሐሳብ ከዎርድል ይቀድማል። ማስተርማይንድ የሚባለው የቀለም እንቆቅልሽ አራት ቦታና ስድስት ቀለም አለው፤ 1,296 ዓይነት መልስ ሊኖረው ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1977 አሜሪካዊው የኮምፒውተር ሳይንስ ሊቅ ዶናልድ ክኑዝ የትኛውንም መልስ ቢበዛ በአምስት ሙከራ ማግኘት እንደሚቻል አሳየ። በዘዴው ውስጥ አንዳንዴ የሚሻለው ሙከራ መልስ ሊሆን እንደማይችል አስቀድሞ የታወቀ ሙከራ ነው።

ወጥመዱን ቀድሞ ማየት

የእኛ ተጫዋች የተሻለ ዕድል የነበረው ከPATCH በፊት ነው። ከTACIT በኋላ እጩዎቹ ስድስት፣ ሙከራዎቹ አራት ነበሩ። በሦስተኛው PLUMB ብሎ ቢሆን ኖሮ P፣ L፣ M እና B በአንድ ጊዜ ይፈተኑ ነበር። P አረንጓዴ ወይም ከቀሩት ሦስቱ አንዷ ቢጫ ብትሆን መልሱ በአራተኛው ይገኛል፤ ሁሉም ግራጫ ቢሆኑ HATCH እና WATCH ቀርተው ቢበዛ በአምስተኛው ያልቃል። PATCH ግን በሦስተኛው የማሸነፍ ከስድስት አንድ ዕድል ሰጥቶ፣ ሲሳሳት የወሰደው አንድ ፊደል ብቻ ነው።

በሃርድ ሞድ የሚጫወት ሰው ይህ መንገድ ዝግ ነው። በዚያ ደረጃ የተገኘ አረንጓዴ በቦታው መቀመጥ፣ ቢጫም በቀጣዩ ቃል ውስጥ መግባት አለበት፤ ስለዚህ አራት አረንጓዴ ካየ በኋላ CLIMBን ጨዋታው አይቀበለውም። እንዲህ የሚጫወት ሰው ብዙ ቃል የሚጋሩትን እንደ _ATCH፣ _IGHT እና _OUND ያሉ ጅራቶች ከመዝጋቱ በፊት የመነሻ ፊደላቱን አስቀድሞ መፈተን አለበት። አራቱ አረንጓዴ ከተቆለፉ በኋላ የሚቀረው ዕድል ብቻ ነው።

በተራው ጨዋታ ግን ከሦስተኛው ሙከራ በኋላ የሚወስኑት ሁለት ቁጥሮች ናቸው፤ ወደ ኋላ ተፈትነው ያለፉ እጩዎች ብዛትና የቀሩት ሙከራዎች። እጩዎቹ ሦስት ወይም ከዚያ በታች ከሆኑ አንዱን እጩ መሞከር ይሻላል፤ ማሸነፉ የተረጋገጠ ነው፣ ቶሎ የመጨረስ ዕድልም አለ። አራት ወይም ከዚያ በላይ ከሆኑና የሚለዩት በአንድ ቦታ ብቻ ከሆነ፣ አራተኛው ሙከራ የሚለያዩበትን ፊደላት ለሰበሰበ ሌላ ቃል ይሰጥ። ዝርዝሩ ግን ተጫዋቹ የሚያውቀውን ያህል ብቻ ነው የሚሞላው፤ LATCHን የማያውቅ ሰው አራት እጩ ቆጥሮ ይሳሳታል። እንዲህ ላለው ሰው CLIMB ሌላ ጥቅም አለው፤ L ቢጫ ስትሆን ያላሰበው ቃል መኖሩን ትነግረዋለች፤ መነሻውንም ጭምር ትሰጠዋለች።