ርካሽ የሚመስለው አረቦን

አንድ የጭነት መኪና ባለንብረት በደላላው በኩል ከሁለት ኢንሹራንስ ኩባንያዎች ዋጋ ቀረበለት እንበል። መኪናው በአዲስ አበባና በጅቡቲ ወደብ መካከል ይመላለሳል። የመጀመሪያው ኩባንያ በዓመት 120,000 ብር አረቦን ሲጠይቅ፣ ሁለተኛው 148,000 ብር ይጠይቃል። ባለንብረቱ 28,000 ብር ማትረፍ ይፈልጋል፤ ማን አይፈልግ! ደላላው የሚጽፍለት ደብዳቤ ግን በቅድሚያ ሊያሳየው የሚገባው አረቦኑ የተሰላው በስንት ብር ላይ እንደሆነ ነው።

የመኪናው የገበያ ዋጋ 8 ሚሊዮን ብር ነው። ሁለተኛው ኩባንያ በዚሁ ዋጋ ላይ 1.85 በመቶ አስቧል። የመጀመሪያው ደግሞ መኪናውን በ6 ሚሊዮን ብር ብቻ ገምቶ 2 በመቶ ጠይቋል። ርካሽ የመሰለው ኩባንያ ለእያንዳንዱ ብር የሚያስከፍለው ይበልጣል ማለት ነው።

ጉዳቱ የሚታየው አደጋ ሲደርስ ነው። ንብረት ከዋጋው በታች ዋስትና ከተገባለት ካሳው በዚያው ልክ ይቀነሳል። ጥገናው 800,000 ብር ቢፈጅ፣ የመጀመሪያው ኩባንያ የሚያስበው ሦስት አራተኛውን፣ 600,000 ብር ነው። በውሉ መሠረት ባለንብረቱ ከራሱ የሚችለው 10 በመቶ ሲነሳ 540,000 ብር ይቀራል። ሁለተኛው ኩባንያ ሙሉውን አስቦ 5 በመቶ ብቻ ስለሚቀንስ 760,000 ብር ይከፍላል። በአንድ አደጋ የ220,000 ብር ልዩነት ይመጣል።

ይሁን እንጂ ሁለተኛውም ክፍተት አለበት። ዋስትናው የሚሠራው በኢትዮጵያ ውስጥ ብቻ ነው፤ የመጀመሪያው ግን ጅቡቲንም ጨምሯል። መኪናው ጋላፊን ካለፈ በኋላ ቢገለበጥ ባለንብረቱ ባዶ እጁን ይቀራል። የኮሜሳ ቢጫ ካርድ መያዙም ለዚህ አይበቃም፤ ካርዱ የሚሸፍነው በሌላ ሰው ላይ የደረሰን ጉዳት እንጂ የራስን መኪና አይደለም። ብዙዎች ይህን የሚያውቁት ካሳ ሲከለከሉ በመሆኑ፣ ደላላው በደብዳቤው ውስጥ ጉልህ አድርጎ ሊጽፈው ይገባል።

ከዚያ ሁለቱን ዋጋዎች እኩል ያደርጋቸዋል። የመጀመሪያው በ8 ሚሊዮን ቢሰላ 160,000 ብር ይሆናል። ሁለተኛው ጅቡቲን ለመጨመር 9,000 ብር ጠይቆ 157,000 ላይ ይቆማል። 28,000 ብሩ ትርፍ ጠፍቶ ሁለተኛው በ3,000 ብር ረከሰ። ደላላው ሁለተኛውን እንዲመርጥ የሚመክረው ግን ለዚህች 3,000 ብር ሳይሆን፣ በየአደጋው ከባለንብረቱ ኪስ የሚወጣው ድርሻ በግማሽ ስለሚያንስ ነው።

አንድ ነገር መደበቅ የለበትም፦ ኮሚሽኑን የሚከፍለው ኢንሹራንስ ኩባንያው ነው፣ የሚሰላውም ከአረቦኑ ነው። አረቦኑ ከፍ ሲል የደላላው ገቢም ከፍ ይላል። ከሁለቱም ኩባንያዎች የሚያገኘውን በደብዳቤው ላይ በቁጥር ካሰፈረ፣ ደንበኛው ምክሩን የሚመዝንበት ያገኛል።

ምክሩም በቅድመ ሁኔታ የታሰረ ነው፦ የጅቡቲው ሽፋን በፖሊሲው ላይ በጽሑፍ እስኪታከል ድረስ አረቦኑ አይከፈል፣ መኪናውም ድንበር አይሻገር። ኩባንያው ለመጨመር እምቢ ካለ፣ የመጀመሪያውን በ8 ሚሊዮን ብር አስተካክሎ መግባት ይሻላል።